ብዙ ሰርቨሮች በአንድ ጊዜ ሲጽፉ፦ ተከታታይ ቁጥር ወይስ ዩዩአይዲ?

ጥያቄ፦ «የትዕዛዝ መቀበያ ሲስተማችን ከሎድ ባላንሰር ጀርባ በሦስት ሰርቨሮች ላይ ይሠራል፤ ሦስቱም የሚጽፉት አንድ ማይኤስኪውኤል ዳታቤዝ ላይ ነው። ዋናው ቁልፍ ኦቶ ኢንክሪመንት ነው። ካለፈው ወር ጀምሮ አልፎ አልፎ Duplicate entry የሚል ስህተት ይመጣብናል፤ ቁጥሮቹም መሐል መሐል ይዘላሉ። የሥራ ባልደረባዬ ኦቶ ኢንክሪመንት ለብዙ ሰርቨር ስለማይሆን ሁሉንም ወደ ዩዩአይዲ እንቀይር ይላል። በሚቀጥለው ዓመት በሌላ ቦታ፣ የራሱን ዳታቤዝ ይዞ የሚሠራ ሁለተኛ ጣቢያ ልንከፍት አስበናል። የትኛውን እንምረጥ?»

ምላሽ፦ «ብዙ ሰርቨር» የሚለው አነጋገር ሁለት የተለያዩ ሁኔታዎችን በአንድ ስም ስለሚጠራ፣ ውዥንብሩ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ዛሬ ያላችሁ ሦስት የአፕሊኬሽን ሰርቨሮችና አንድ ዳታቤዝ ነው። በሚቀጥለው ዓመት የሚመጣው ደግሞ ሁለት ዳታቤዞች፣ ሁለቱም ጽሑፍ የሚቀበሉ ናቸው። በመጀመሪያው ሁኔታ ኦቶ ኢንክሪመንት አንዳች ጉድለት የለበትም። ቁጥሩን የሚሰጠው ዳታቤዙ ራሱ ነው፤ ቆጣሪው አንድ ብቻ ሲሆን የሚቀመጠውም በአንድ ቦታ ነው፤ ጥያቄው ከሦስት ሰርቨር መጣ ከሦስት መቶ፣ ለእያንዳንዱ ረድፍ የሚደርሰው ለሌላ ያልተሰጠ ቁጥር ነው። ስለዚህ የባልደረባዎ ምርመራ ትክክል አይደለም፤ ያቀረበው መፍትሔ ግን በሌላ ምክንያት፣ ለሁለተኛው ጣቢያ ሲባል፣ ወደፊት ሊያስፈልጋችሁ ይችላል።

ታዲያ የመደጋገም ስህተቱ ከየት መጣ? ዓምዱ ኦቶ ኢንክሪመንት ሆኖ ሳለ በዋናው ቁልፍ ላይ ስህተት 1062 ከታየ፣ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ቁጥሩን ዳታቤዙ እንዲሰጥ ያልጠበቀ፣ ራሱ አስልቶ የሚያስገባ ኮድ ነው። ብዙ ጊዜ የሚገኘውም ይህን የሚመስል መስመር ነው፦

```sql
SELECT MAX(id) + 1 FROM orders;
```

ይህ መስመር በአንድ ሰርቨር፣ በዝቅተኛ የሥራ ጫና፣ ለዓመታት ያለ ችግር ሊሠራ ይችላል። ሰርቨሮቹ ሲበዙ ምን እንደሚሆን በሚሊሰከንድ እንከተለው። የመጨረሻው ትዕዛዝ ቁጥር 48212 ነው እንበል። የመጀመሪያው ሰርቨር ይጠይቅና 48213 የሚል መልስ ያገኛል፤ ረድፉን ከማስገባቱ በፊት ግን የደንበኛውን አድራሻ ለማረጋገጥ ሌላ ጥያቄ ይልካል፤ በዚህም 20 ሚሊሰከንድ ያልፋል። በዚያች ክፍተት ሁለተኛው ሰርቨር ያንኑ ይጠይቃል። 48213 ገና ስላልተጻፈ እሱም የሚያገኘው 48213 ነው። ቀድሞ ያስገባው ያልፍለታል፤ የዘገየው ደግሞ `Duplicate entry '48213' for key 'orders.PRIMARY'` የሚል ስህተት ይደርሰዋል። ሁለቱንም እርምጃዎች በአንድ ትራንዛክሽን ውስጥ ማድረግም አያድንም፤ ተራ `SELECT` ሌላው እንዳያነብ የሚያግድ መቆለፊያ አይይዝምና።

አንድ ጊዜ እንድመረምረው የተሰጠኝ ሲስተም ውስጥ ይህ መስመር የተገኘው ማንም ባልጠበቀው ቦታ ነበር። ትዕዛዙ ገና ሳይቀመጥ ቁጥሩ ለደንበኛው ስክሪን ላይ እንዲታይ የፈለገ ሰው የጻፈው ነበር፤ ከዚያ በኋላ የመጣ ሌላ ሰው ስክሪኑ ላይ የታየው ቁጥር ከተቀመጠው ጋር እንዲመሳሰል ብሎ ያንኑ ቁጥር ወደ `INSERT` አሳለፈው። ሁለቱም ለየብቻቸው ምክንያታዊ ይመስላሉ። በእናንተም ኮድ ውስጥ `MAX(` የሚለውን ፈልጉ፤ ቀጥሎም `id` ዓምድን በስም ጠቅሰው ዋጋ የሚያስገቡ የ`INSERT` ትእዛዞችን ሁሉ አንድ በአንድ ተመልከቱ። ትክክለኛው አጻጻፍ `id`ን ጨርሶ አያነሳም፤ የተሰጠውን ቁጥር ከማስገባቱ በኋላ ይጠይቃል፦

```sql
INSERT INTO orders (customer_id, total) VALUES (771, 1450);
SELECT LAST_INSERT_ID();
```

እዚህ ላይ «ሌላው ሰርቨር በመሐል ቢያስገባ የእሱን ቁጥር ባገኝስ?» የሚል ስጋት ይነሳል። አያገኙም፤ `LAST_INSERT_ID()` የሚመልሰው በዚያው የዳታቤዝ ግንኙነት የተሰጠውን ቁጥር ብቻ ነው። መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ኮኔክሽን ፑል ስትጠቀሙ ነው፤ ሁለቱ ትእዛዞች በአንድ ግንኙነት ላይ መከናወን አለባቸው።

የሚዘሉት ቁጥሮች ደግሞ ስህተት አይደሉም። ቆጣሪው ቁጥር ከሰጠ በኋላ ትራንዛክሽኑ ቢሰረዝም ቁጥሩን መልሶ አይቀበልም። ቢቀበል ኖሮ አንዱ ትራንዛክሽን እስኪያልቅ ሌሎቹ ሁሉ ተሰልፈው ይጠብቁ ነበር። ስለዚህ ያልተሳካ ትዕዛዝ ሁሉ ቀዳዳ ትቶ ያልፋል፤ በፖስትግሬስም እንዲሁ ነው። ሳይቋረጥ የሚከተል የደረሰኝ ቁጥር በሕግ የሚጠየቅባችሁ ከሆነ፣ ያ ቁጥር ዋናው ቁልፍ መሆን የለበትም፤ በራሱ የቆጣሪ ሠንጠረዥ ውስጥ፣ ረድፉን እየቆለፉ የሚሰጥ ሌላ ዓምድ ይሁን።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጣቢያ እንሂድ። እዚህ ቆጣሪዎቹ ሁለት ይሆናሉ፤ አንዱም የሌላውን አያውቅም። ሁለቱም 48213ን ለሁለት የተለያዩ ትዕዛዞች ይሰጣሉ፤ መረጃው በሚዋሐድበት ሰዓት ግጭቱ ይገለጣል። ለዚህ ማይኤስኪውኤል የቆየ መላ አለው፦ `auto_increment_increment` በሁለቱም ላይ 2 ይደረግና `auto_increment_offset` በአንዱ 1፣ በሌላው 2 ይሆናል። አንዱ ጎዶሎ ቁጥር፣ ሌላው ሙሉ ቁጥር ይሰጣል ማለት ነው። ይሠራል። ሦስተኛ ጣቢያ ሲመጣ ግን ቦታ የለውም፤ ከመነሻው ልዩነቱን 10 ማድረግ ይህን ያቃልላል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው፤ የቁጥሮቹ አለመጋጨት የተንጠለጠለው በአንድ የማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ ባለ አንድ መስመር ላይ ነው። ሰርቨሩ ተበላሽቶ ከባክአፕ ሲነሣ ያ መስመር ከተረሳ ማንም የሚያስጠነቅቅ የለም፤ ሁለቱ ዳታቤዞች ተመሳሳይ ቁጥሮችን በዝምታ መስጠት ይጀምራሉ።

ዩዩአይዲ ይህን ጥገኝነት ያስቀራል። 128 ቢት ርዝመት ያለው መለያ ስለሆነ ማንኛውም ሰርቨር ማንንም ሳይጠይቅ ራሱ ይፈጥረዋል። በብዛት የሚታወቀው 4ኛው ስሪት 122 ቢቱ በዘፈቀደ የሚወጣ ነው፤ ሁለት ተመሳሳይ መለያዎች የመገኘታቸው ዕድል ግማሽ በግማሽ የሚደርሰው 2.7 ቢሊዮን ቢሊዮን ያህል ከተፈጠሩ በኋላ ስለሆነ፣ ፈጣሪው ላይብረሪ ጥራት ያለው የዘፈቀደ ምንጭ እስከተጠቀመ ድረስ መደጋገም አያሳስብም። የሚያሳስበው የሚያስከፍለው ዋጋ ነው፤ እዚህ ላይ «ማከማቻ ርካሽ ነው» የሚለው መልስ ጉዳዩን ይስታል።

በማይኤስኪውኤል ነባሪ ሞተር በኢኖዲቢ ሠንጠረዡ ራሱ የሚቀመጠው በዋናው ቁልፍ ቅደም ተከተል ተደርድሮ ነው፤ እያንዳንዱ ተጨማሪ ኢንዴክስም የዋናውን ቁልፍ ቅጂ በውስጡ ይይዛል። የትዕዛዝ ሠንጠረዣችሁ 100 ሚሊዮን ረድፍ ደርሷል፣ አንዱ ረድፍ በአማካይ 200 ባይት ነው፣ 4 ተጨማሪ ኢንዴክሶችም አሉት እንበል። ቁልፉ በየረድፉ 5 ጊዜ ይጻፋል ማለት ነው። በ`BIGINT` ቁልፉ 8 ባይት ስለሆነ ለቁልፍ ብቻ የሚውለው 4 ጊጋባይት ነው። ዩዩአይዲው በ`BINARY(16)` ከተቀመጠ 8 ጊጋባይት ይሆናል። ብዙዎች እንደሚያደርጉት በ`CHAR(36)`፣ በሰረዝ የተለያየ ጽሑፍ ሆኖ ከተቀመጠ ደግሞ 18 ጊጋባይት ይደርሳል። ከ8 ወደ 16 ባይት መሄድ የሚቻል ዋጋ ነው፤ 36 ባይት ግን ያለ ምክንያት የሚከፈል ነው።

ትልቁ ዋጋ ከመጠኑ ይልቅ ከዘፈቀደነቱ ይመጣል። ኢኖዲቢ ረድፎችን በ16 ኪሎባይት ገጾች ያስቀምጣል። ቁልፉ እየጨመረ የሚሄድ ሲሆን አዲሱ ረድፍ ሁልጊዜ በመጨረሻው ገጽ ላይ ያርፋል፤ ገጹ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ቀጣዩ ይከፈታል። በምሳሌያችን በአንድ ገጽ ወደ 76 ረድፍ ይገባል፤ ጠቅላላው ሠንጠረዥም ከ20 ጊጋባይት ትንሽ ይበልጣል። ቁልፉ 4ኛ ስሪት ዩዩአይዲ ሲሆን ግን አዲሱ ረድፍ ከሚሊዮን ገጾች መካከል በአንዱ፣ የትኛው እንደሆነ አስቀድሞ በማይታወቅ ቦታ ይገባል። ያ ገጽ ሞልቶ ከሆነ ለሁለት ይከፈላል፤ በውጤቱም ገጾቹ በአማካይ ከሁለት ሦስተኛ ብዙም ባልራቀ ልክ ብቻ ተሞልተው ይቀራሉ፤ ሠንጠረዡም ወደ 30 ጊጋባይት ያድጋል። ለዳታቤዙ የተመደበው ሚሞሪ 8 ጊጋባይት ቢሆን፣ አንድ ረድፍ ለማስገባት የሚያስፈልገው ገጽ ከአሥር ጊዜ ሰባቱን ሚሞሪ ውስጥ አይገኝም፤ አስቀድሞ ከዲስክ መነበብ አለበት።

ይህ ጉዳት ተንኮለኛ የሚሆነው ዘግይቶ ስለሚመጣ ነው። ሠንጠረዡ ሚሞሪ ውስጥ እስካለ ድረስ ሙከራው ሁሉ ፈጣን ነው፤ ከሚሞሪ ሲተርፍ የማስገባት ፍጥነቱ በድንገት ያሽቆለቁላል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ቁልፉን ለመቀየር ሠንጠረዡ በጣም ገዝፏል። ምልክቱን ለማየት `SHOW GLOBAL STATUS` ውስጥ `Innodb_buffer_pool_reads` የሚለውን ቁጥር ተከታተሉ፤ ከገጾች ከዲስክ መነበብ ጋር የሚጨምረው ይህ ቁጥር የማንበብ ሥራ ሳይጨምር ከማስገባቱ ጋር አብሮ ሽቅብ የሚወጣ ከሆነ መንስኤው ይኸው ነው። በፖስትግሬስ ሠንጠረዡ በቁልፉ ቅደም ተከተል ስለማይደረደር ጉዳቱ በዋናነት በኢንዴክሱና በጽሑፍ መዝገቡ ላይ ይወሰናል፤ አይጠፋም ግን።

መውጫው 7ኛው ስሪት ነው። እ.ኤ.አ. በሜይ 2024 በወጣው አርኤፍሲ 9562 ደረጃ የተሰጠው ይህ ስሪት የመጀመሪያዎቹን 48 ቢት ለጊዜ፣ በሚሊሰከንድ ቆጥሮ፣ ያውላል፤ ከስሪትና ከዓይነት ምልክቶቹ ሌላ የሚቀረው 74 ቢት በዘፈቀደ ሊሞላ ይችላል። ጊዜው ከፊት ስለሆነ አዲሶቹ ረድፎች እንደ ኦቶ ኢንክሪመንቱ ወደ ሠንጠረዡ መጨረሻ ይሄዳሉ፤ ገጾቹም በቅደም ተከተል ይሞላሉ። የሰርቨሮቹ ሰዓት በጥቂት ሰከንዶች ቢለያይ ረድፎቹ ከመጨረሻው ገጽ ትንሽ ቀደም ብለው ይገባሉ እንጂ መለያዎቹ አይደጋገሙም። ማይኤስኪውኤል ውስጥ ያለው `UUID()` 1ኛውን ስሪት የሚሰጥ ስለሆነ 7ኛውን በአፕሊኬሽኑ ላይብረሪ መፍጠር ይኖርባችኋል፤ ፖስትግሬስ ከ18ኛው ዕትም ጀምሮ `uuidv7()` አለው። አንድ ወጥመድ ላመልክት፦ `UUID_TO_BIN` ሁለተኛ ግቤት አድርጎ 1ን ሲቀበል የጊዜ ክፍሎቹን ያለዋውጣል። ይህ ለ1ኛው ስሪት የተሠራ ነው፤ ለ7ኛው ከተጠቀማችሁበት የተስተካከለውን ቅደም ተከተል መልሶ ያፈርሰዋል።

ለሦስቱ ሰርቨሮቻችሁ ዛሬም ቢሆን ከዩዩአይዲ የሚገኝ አንድ እውነተኛ ጥቅም አለ፤ ብዙዎች ግን ከመደጋገም ፍራቻ ጋር ስለሚያምታቱት አያስተውሉትም። ሰርቨሩ ትዕዛዙን ለዳታቤዙ ላከ፤ ዳታቤዙም አስቀመጠው፤ ነገር ግን መልሱ ሳይደርስ መስመሩ ተቋረጠ። ሰርቨሩ ትዕዛዙ ተቀምጦ ይሁን አይሁን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። በኦቶ ኢንክሪመንት መልሶ ቢልክ ዳታቤዙ አዲስ ቁጥር ሰጥቶ ሁለተኛ ትዕዛዝ ይፈጥራል፤ ደንበኛው ሁለት ጊዜ ይከፍላል። መለያው ከመላኩ በፊት በአፕሊኬሽኑ የተፈጠረ ከሆነ ግን ያንኑ መለያ ይዞ ይመለሳል፤ ስህተት 1062 ከመጣ «ቀድሞ ተቀምጧል» ማለት ስለሆነ እንደ ስኬት ይቆጥረዋል። እናንተን ያስደነገጠው ያ ስህተት እዚህ ላይ ጠቃሚ መልስ ይሆናል። ቅድመ ሁኔታው ግን ድጋሚ ሙከራው አዲስ መለያ አለመፍጠሩ ነው፤ መለያውን በሙከራው ዙር ውስጥ የሚፈጥር ኮድ ጥቅሙን ሁሉ ያጠፋዋል።

ዩዩአይዲ የማያደርጋቸውን ነገሮችም እንወቅ። በሁለት ጣቢያ በተመሳሳይ ደቂቃ በአንድ ኢሜይል የተመዘገበ ሰው ሁለት የተለያዩ ዩዩአይዲዎች ያሉት ሁለት ደንበኛ ሆኖ ይቀመጣል፤ ቁልፎቹ አልተጋጩም፣ መረጃው ግን ተደጋግሟል። አንዱ ጣቢያ የቀየረውን ረድፍ ሌላውም በተመሳሳይ ጊዜ ቢቀይረው የማን ይጽና የሚለውን ቁልፉ አይወስንም። ምስጢርም አይጠብቅም፤ `0197f0c2-5a3e-7b41-9c0d-3f6e2a81d4b7` የሚል መለያ በሊንክ ውስጥ ያየ ሰው የመጀመሪያዎቹን 12 አሃዞች ወደ ተራ ቁጥር ቀይሮ መለያው የተፈጠረው እ.ኤ.አ. ጁላይ 9 ቀን 2025፣ በዩቲሲ 19:55:58 መሆኑን ያነባል። መለያውን ማወቅ ትዕዛዙን ለማየት መብት እንዳይሆን ፈቃዱ በኮዱ ውስጥ መረጋገጥ አለበት፤ ይህ ለተከታታይ ቁጥርም ያው ነው፣ እንዲያውም ይብሳል።

ከሁለቱም ቁልፎች መጠበቅ የሌለበት ሌላ ነገር ደግሞ ትራንዛክሽኖች በ`COMMIT` የሚጸኑበት ቅደም ተከተል ነው። አንድ ትራንዛክሽን 101ን፣ ሌላው 102ን ወስዶ 102 ቀድሞ ሊጸና ይችላል። በየደቂቃው «ካየሁት የመጨረሻ ቁጥር በላይ ያሉትን አምጣ» እያለ ወደ ሪፖርት የሚያስተላልፍ ፕሮግራም ካላችሁ፣ 102ን አይቶ ካለፈ በኋላ የጸናውን 101 ለዘለዓለም አያየውም። በ7ኛው ስሪት ዩዩአይዲ፣ በሰዓት ልዩነት ምክንያት፣ ክፍተቱ ሊሰፋም ይችላል።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። በዚህ ሳምንት `MAX(id) + 1` የሚለውን አስወግዱ፤ ያን ስታደርጉ ስህተቱ ካልቆመ ሌላ `id` የሚያስገባ ኮድ አለ ማለት ነውና ፍለጋውን ቀጥሉ። ሁሉንም ሠንጠረዥ ወደ ዩዩአይዲ አትቀይሩ። በአንድ ቦታ ብቻ የሚጻፉት፣ ለምሳሌ የምርት ዓይነትና የግብር መጠን ዝርዝሮች፣ በ`BIGINT` ኦቶ ኢንክሪመንት ይቆዩ፤ `INT` የሆኑ ካሉ ግን 2,147,483,647 ላይ ስለሚቆሙ አስቀድማችሁ ወደ `BIGINT` አሳድጓቸው። በሁለቱም ጣቢያ ረድፍ የሚፈጠርባቸው ሠንጠረዦች፣ ማለትም ትዕዛዝ፣ የትዕዛዝ ዝርዝርና ክፍያ፣ 7ኛ ስሪት ዩዩአይዲን በ`BINARY(16)` ይያዙ። ይህንንም ሁለተኛው ጣቢያ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ጨርሱ፤ ሁለት ዳታቤዞች ያንኑ ቁጥር ለተለያየ ትዕዛዝ ከሰጡ በኋላ የውጭ ቁልፎችን መለየት እጅግ አድካሚ ነው።

አሠራሩ በደረጃ ይሁን። አሁን ባለው ሠንጠረዥ ላይ ባዶ መሆን የሚችል አዲስ ዓምድ ጨምሩ፤ አዳዲስ ረድፎች ከአፕሊኬሽኑ መለያ ይዘው ይግቡ፤ የቀድሞዎቹን በጥቂት ሺህ ረድፎች እየከፋፈላችሁ፣ በተፈጠሩበት ቀን ላይ ተመሥርቶ በሚሰላ መለያ ሙሉ። በልጅ ሠንጠረዦችም የወላጁን መለያ የሚይዝ ዓምድ ጨምራችሁ እንዲሁ አድርጉ። ዓምዱ ላይ መደጋገምን የሚከለክል `UNIQUE` ኢንዴክስ አኑሩ፤ ኮዱ በአዲሱ መለያ ብቻ መፈለግ ሲጀምር ዋናውን ቁልፍ ቀይሩ። ዋናውን ቁልፍ መቀየር በኢኖዲቢ ሠንጠረዡን በሙሉ እንደገና መጻፍ ስለሆነ ነፃ የዲስክ ቦታ ቢያንስ የሠንጠረዡን ያህል ያስፈልገዋል፤ በቅጂ ላይ ምን ያህል ሰዓት እንደሚወስድ ሳትለኩ በዋናው ላይ አትጀምሩት። ከመቀየሩ በፊት ደግሞ ጥቂት ረድፎችን በ`BIN_TO_UUID` አውጥታችሁ ተመልከቱ፦ ሦስተኛው ክፍል በ7 መጀመር አለበት። በ4 የሚጀምር ካገኛችሁ ከሦስቱ ሰርቨሮች አንዱ አሁንም የድሮውን ላይብረሪ እየተጠቀመ ነው።